ስለ «ያልታወቀው ረሃብ» የቪዲዮ ስክሪፕቴን ቀዳዱልኝ፤ ሐሳቤ ይቆማል ወይስ ይወድቃል?

ጦሳ ሥር (እሑድ ማታ)

ሰላም ጀመዓው። ስለ ፊልም የሠራኋቸውን ሁለት ቪዲዮዎች አይታችሁ የተቻችሁኝ አትረሱኝም መቼም። አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። ድምፁን ቀድቼ ከጨረስኩ በኋላ ከምትወርዱብኝ አሁኑኑ ውረዱብኝ።

ጉዳዩ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ መጥቶ ለቴምዝ ቴሌቪዥን የሠራው ፊልም ነው፤ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚባለው። እንግሊዝ አገር የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1967 የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ስለዚህ የማወራው ስለ ሁለት ፊልም ነው፤ ስለ ዲምብልቢውና ስለ ተቀጠለው።

ሙሉው ዐሥር ደቂቃ ገደማ ይሆናል። እዚህ አጥንቱን ብቻ ላስቀምጥ፦

መክፈቻ። ምስል፦ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ከደጅ ወደ ውስጥ። ድምፅ፦ «ይህ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንንም አይጠየፍምና።» እዚህ ላይ ይቆረጥና በ66ቱ ረሃብ የከሳ ሕፃን ፊት ይመጣል።

ዋና ሐሳብ። «አንድ መቀስ ዙፋን ገለበጠ። ንጉሡን ያወረደው ረሃቡ አይደለም፤ የረሃቡ ምስል ከድግሱ ምስል ጋር መቀጠሉ ነው።»

ማስረጃ። «ረሃቡ ለአዲስ አበባ እንግዳ ወሬ አልነበረም። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ያነሡትን ፎቶ ግቢያቸው ውስጥ አሳይተዋል። ያኔ ዙፋኑ አልወደቀም። ቀጥሎ ዲምብልቢ ለዓለም አሳየ፤ እርዳታ መጣ። አሁንም አልወደቀም። ረሃቡ ከሠርጉ፣ ከድግሱና ለውሻ ከሚጣለው ሥጋ ጋር ሲቀጠል ግን በማግሥቱ ወደቀ። ወሎ ያን ማታ ራሱን በቴሌቪዥን አየ፤ አገሩም አብሮት አየ።»

ተቃራኒ ሐሳብ። «አንዳንዶች ‹ቢቀጠልም ባይቀጠልም ረሃቡ እውነት ነበር› ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን የማወራው ስለ ረሃቡ ሳይሆን ስለ መቀሱ ነው።»

መደምደሚያው ገና አልጠራልኝም። እስቲ በሉኝ።

ቆቦ በር

ጎበዝ እህቴ፣ ርዕሱ ግሩም ነው። ግን ዋናውን ነገር ዘለልሽው። ያ ጋዜጠኛ ኮረም ሜዳ ላይ ቆሞ ጎሕ ሲቀድ ያሳየው፣ «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንዳለው ያለ ረሃብ» ያለው፣ እሱን ነው መክፈቻ ማድረግ ያለብሽ። ከዚያ ወዲያ አይደል ፈረንጆቹ ዘፈን ያወጡት! አባቴ ያኔ ኮረም ነበር፤ ሄሊኮፕተሩን ሁሉ ያስታውሳል። ንጉሡ ይህን ሁሉ ደብቀው ነው የወደቁት።

ሐይቅ ማዶ

እኔ የምመክርሽ ማይክ ላይ ነው። ካለፈው ቪዲዮሽ ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ ቅጂ። ደግሞ የፈረንጅ ፊልም እንዳለ እንዳታስገቢ፤ እኔ የሰው ፊልም አራት ደቂቃ ለጥፌ ቪዲዮዬ ወርዶብኛል፣ ገቢውም ቀረ። ስንት ተመልካች ነው የምትጠብቂው?

መምህር ከወልድያ

ቆቦ በር፣ ወንድሜ፣ ሁለት ረሃብ አደባለቅህ። ኮረም ሜዳ ላይ የቆመው የቢቢሲው ማይክል በርክ ነው፤ ካሜራውን የያዘው መሐመድ አሚን ነው፤ የታየውም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ያኔ ንጉሡ ከወረዱ ዐሥር ዓመት አልፏቸዋል። ዘፈኑም የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አባትህ ያዩት የ77ቱን ነው። እህታችን የምታወራው ስለ 66ቱ ነው። ይህን ነገር በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ሳርም ስለምውል አትቀየመኝ።

ወደ አንቺ ልምጣ። ጽሑፍሽ ያምራል፤ ዋና ሐሳብሽ ግን አይቆምም፤ የሚጥለውም የራስሽ የቀን መቁጠሪያ ነው። ዶሮ ጮኸና ነጋ እንጂ ዶሮ ስለ ጮኸ አልነጋም።

እስቲ ዓመቱን ከጥር ጀምረሽ ቁጠሪው። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር አመፁ። የካቲት ላይ ቤንዚን ተወደደ፣ ታክሲ ቆመ፣ መምህራን አደሙ፤ በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ። ክረምቱን ሙሉ ሚኒስትሩንም መስፍኑንም አንድ በአንድ ሲያስር ከረመ። ጳጉሜ ላይ ስትደርሺ ንጉሡ አጠገብ የቀረ ሰው የለም። እንቁጣጣሽ ማታ ፊልሙ ሲታይ የሚገለበጥ ነገር አልቆ ነበር፤ የቀረው መኪና መጥቶ መውሰዱ ብቻ ነው። በአንድ ማታ ፊልም አይቶ በማግሥቱ ጧት ንጉሥ የሚያወርድ ጦር የለም። ቀኑን ቀድመው ቆርጠውት ነው ፊልሙን ያሳዩት።

ሌላም አለ። «ወሎ ያን ማታ ራሱን አየ» ያልሽውን አውጪው። ያን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም ነበር። ደሴ ላይ ማን አየው? ቆቦ ላይ ማን አየው? ፊልሙ የተነሣው እዚህ ነው፤ የታየው ግን ለንደንና አዲስ አበባ ነው። ወሎ በሁለቱም ፊልም ውስጥ ታየ እንጂ አላየም። እኔ ብሆን ከመቀሱ ይልቅ ይሄ ነው የሚቆጨኝ።

ቆቦ በር

እሺ መምህር፣ ዓመቱን ተሳስቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል? ደርግ በ66ቱ ረሃብ ንጉሡን ከሰሰ። መስከረም 1977 ዐሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ደግሞ እዚሁ ወሎ ሰው እየረገፈ እሱ አዲስ አበባን በባንዲራ ያሸበርቅ ነበር። ፊልም ቀጥሎ «አያችሁ፣ ሲደግሱ» ያለው ሰውዬ ራሱ ደገሰ። ይሄ አይገባም?

ጦሳ ሥር

መምህር፣ አንጀቴን በሉት፤ ግን ልክ ነዎት። የሰኔውንና የየካቲቱን አውቀዋለሁ እኮ፤ «አንድ መቀስ ዙፋን ገለበጠ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስላማረኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቴሌቪዥኑ ነገር ግን ጭራሽ ትዝም አላለኝም።

ቆቦ በር፣ ያልከው ነገር ጣፋጭ ነው፤ መደምደሚያ ላይ ባስገባውስ?

መቀስና ሙጫ

ልጄ፣ እኔ ድሮ ፊልም ቆራጭ ነበርኩ፤ አሁን ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ጡረታዬን እበላለሁ። ስም ያወጣሁት ከሥራዬ ነው። መምህሩ ቀኑን አስተካክለውልሻል፤ እኔ ስለ መቀሱ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ቪዲዮሽ ስለ መቀስ ነው ትያለሽ እንጂ ጽሑፍሽ ውስጥ መቀሱ ሲቆርጥ አላየሁትም።

ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ ነበር። የአንድ ተዋናይ ፊት፣ ያው አንድ ፊት፣ ምንም የማይል፣ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ሰው ሲያየው «እንዴት ረሃቡን ተጫወተው፣ እንዴት ሐዘኑን ተጫወተው» አለ። ፊቱ ግን አልተቀየረም። ይህን ለእኛ ሲያስተምሩን መምህራችን በቃል አልነገረንም፤ ሁለት ቁራጭ ፊልም በእጃችን ሰጥቶ «አገናኙ» አለን። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ስታደርጊ መሃላቸው ያለችው ክፍተት «ስለዚህ» ትላለች። ቆራጩ አላለም፤ አፉን አልከፈተም። የሚለው ተመልካቹ ነው፤ ራሱ ስላለው ደግሞ ያምነዋል። ሰው ከነገሩት ይልቅ ራሱ የደረሰበትን ነው የሚያምን።

እንግዲህ ወደዚያ ማታ ነይ። ረሃቡ የተነሣበት ጊዜ ይታወቃል። ሠርጉስ መቼ ተነሣ? ድግሱስ? ውሻውስ ሥጋ የበላው በየትኛው ዓመት ነው? የቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት በየጊዜው ይቀረጽ ስለነበር ማህደሩ ሙሉ ነው። ቆራጩ የፈለገውን ዓመት መዝዞ ማምጣት ይችላል። ቀጥሎ ሲያሳየው ግን ሁሉም ያንኑ ዕለት የሆነ ይመስላል፤ እዚህ ሕፃኑ ሲሞት እዚያ በዚያችው ደቂቃ ኬክ ሲቆረስ። ሌላም ነገር ልጨምርልሽ፤ እኔ ያየሁት የዲምብልቢ ቅጂ ባለ ቀለም ነው። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ግን ባለ ቀለም የሆነው በ77 ነው። ያን ማታ የታየው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም ቢኖር የሁለቱ ፊልም ቀለም አይገጥምም፣ ዓይን ስፌቱን ያያል። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ስፌቱ ይጠፋል፤ ሁሉም ከአንድ ጥቅል የወጣ ይመስላል። ይሄ የእኔ የእጅ ሙያ ግምት ነው፤ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ አስተያየት ውሰጂው።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልበል። መክፈቻሽን እንደገና አንብቢው። አይጠየፍ አዳራሽ፣ ግብር፣ ቆረጥ፣ የሚሞት ሕፃን። ንጉሥ ሚካኤል የሞቱት ረሃቡ ከመምጣቱ ስንት ዘመን በፊት ነው? አዳራሹ ከ66 ረሃብ ጋር ምን አገናኘው? ልጄ፣ ደርግ ያደረገውን ነው ያደረግሽው። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ፣ በዚያው መቀስ።

ጦሳ ሥር

…

ጋሼ፣ ስልኬን አስቀምጬ ወጥቼ ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ቆረጣ እያነበብኩ የራሴን አላየሁትም። አይጠየፍን የመረጥኩት ቤቴ አጠገብ ስለሆነና ሥዕሉ ስለሚያምር ነበር። በቃ፣ ያምራል ብዬ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፦ የተቀጠለውን ፊልም ሙሉውን አላየሁትም። ያየሁት የዲምብልቢውን ነው። ስለ ተቀጠለው ያለኝ በየመጽሐፉ የተጻፈውና የሰው ምስክርነት ነው። እና የጎደለውን ራሴ ቀጥዬ ላሳይ ነበር ያሰብኩት፤ ከማህደር ድግስ ከዚህ፣ ረሃብ ከዚያ።

መቀስና ሙጫ

እንደሱ ከሆነ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ተናገሪው። «የተቀጠለውን አላየሁም፤ የማወራው በምስክር ነው» በይ። አያዋርድሽም። የሚያዋርድሽ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ «ከሕፃኑ ቀጥሎ ኬኩ ይመጣል» ብለሽ ቅደም ተከተል ስትተርኪ አንድ ያየ ሰው መጥቶ «አይ፣ ውሻው ነው የሚቀድመው» ቢልሽ ነው። ያን ጊዜ ሌላው ያልሽው ልክ ቢሆንም ማንም አይሰማሽም። ምስክሮቹ የሚስማሙበትን ብቻ ያዢ፤ ድግስ ነበር፣ ሠርግ ነበር፣ ለውሻ የሚጣል ሥጋ ነበር፣ ከረሃቡ ጋር ተፈራርቆ ታየ። ቅደም ተከተሉን ተይው።

ራስሽ ቀጥለሽ ማሳየት ከፈለግሽ አሳዪ፤ ግን ከላዩ ላይ «የእኔ ቅንብር» የሚል ጽሑፍ ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ አይደለም፣ ሰው ቁራጭ አውርዶ ለብቻው ያሰራጫል። እኔ ብሆን አንዴ ቀጥዬ አሳያለሁ፤ ቀጥሎ ያንኑ ደግሜ በሁለቱ ምስል መሃል አምስት ሰከንድ ጥቁር አስገባለሁ። ያን ጊዜ ተመልካቹ «ስለዚህ»ዋ ስትጠፋ በራሱ ዓይን ያያል። አምስት ደቂቃ ከመተረክ ይሻላል።

ሐይቅ ማዶ

ጋሼ የተናገሩት ስለ ጽሑፉ ነው፤ ግን ሕጉንም አትርሱ። የቴምዝ የድሮ ፊልም ባለቤት አለው፤ ዛሬ ፍሪማንትል የሚባል ድርጅት እጅ ነው። «ለትምህርት ነው» ብሎ ከሥር መጻፍ አያድንም፤ እኔም ጽፌ ነበር። አጭር አጭር ቁራጭ፣ ከላዩ ላይ የራስሽ ድምፅ፣ እና ስለዚያው ቁራጭ የምታወሪ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ላይተዉሽ ይችላሉ። ማይኩንስ?

የባቲ ሰኞ

ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። እኔ ፊልም አላውቅም። አያቴ ግን የ66ቱን በሕይወት ያለፈች ናትና እሷ ስትለው የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

ረሃብ ሲባል ሰው እህል የጠፋ ይመስለዋል። አያቴ «እህል አልጠፋም» ትላለች። ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ እህል ነበር። የጠፋው የሚገዛበት ነው። አባቷ ሁለት በሬ ነድቶ ወጣ፤ በሬ ሻጩ ከሳር የበዛ ነው፤ ግመል የሚነዱት አፋሮችም ከብታቸው አልቆ የቀረችውን ሊሸጡ ወጥተዋል። ገዢ የለም። ጧት የጠራውን ዋጋ ቀትር ላይ አጋመሰው፣ ማታ ላይ ለመነ። አንዱን በሬ ሸጦ ይዞ የመጣው እህል፣ እናቷ ከፍታ አይታ «ሌላውስ ከረጢት?» ብላ ጠየቀች አሉ። ሌላ የለም። «ያን ማታ ነው የተራብነው» ትላለች፤ ገና እየበሉ ሳለ ማለቷ ነው።

እና ጥያቄዬ፦ ይህ በየትኛው ፊልም ላይ አለ?

መምህር ከወልድያ

በየትኛውም ላይ የለም። እህቴ፣ አያትሽ የተናገሩትን አማርትያ ሴን የሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፎበታል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ይላል፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው የሞተው እህል ስላልነበረ ሳይሆን እጁ ላይ ያለው፣ ከብቱም ጉልበቱም፣ እህል መግዣ መሆኑን ስላቆመ ነው። አፋሮቹ ላይ ደግሞ የአዋሽ ዳር ግጦሻቸው በትላልቅ እርሻዎች ተይዞ ነበር፤ ድርቁ ሲመጣ የሚሸሹበት አልቀረም።

እዚህ ላይ ነው ተቃራኒ ሐሳብሽ የሚወለድ። አሁን የጻፍሽው ገለባ ነው፤ «ረሃቡ እውነት ነበር ይላሉ» ብለሽ ማንም የማይክደውን አምጥተሽ በአንድ ቃል አባረርሽው። የሚከራከርሽ ሰው እንዲህ ነው የሚልሽ፦ «የዲምብልቢ ፊልም የረሃብ መልክ ያሳያል፤ ተጠያቂ ግን አይጠራም፤ እግዜር ዝናብ ከለከለ ብሎ ማየት ይቻላል። የተቀጠለው ፊልም ዓመት ቢያደባልቅም ዲምብልቢ ያላለውን እውነት አለ፤ እዚህ የሚሞት ሰውና እዚያ የሚደግስ ሰው በአንድ አገር፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ እንዳሉ። ስፌቱ ውሸት ነው፤ ልብሱ እውነት ነው።» ለዚህ መልስ ካለሽ ቪዲዮ አለሽ። ከሌለሽ የእነሱን ሐሳብ ተቀበይ።

ጦሳ ሥር

መምህር፣ ይሄን ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። የባቲዋ አያት የመለሱልኝ ይመስለኛል።

የተቀጠለው ፊልም «እሱ ስለበላ አንተ አልበላህም» ይላል። የንጉሡ ውሻ የበላው ሥጋ ለባቲ ቢሰጥ ባቲ አትጠግብም። የባቲው በሬ ዋጋ ሲወድቅ፣ እህሉ በመኪና ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ መሬቱ የሌላ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ በፊልም አይታይም፤ ቢታይም ከሕፃኑ ፊት ጋር የሚቀጠል ምስል የለውም። የበሬ ዋጋ መውደቅ ምን ይመስላል? ኬክ ግን ኬክ ይመስላል። ስለዚህ መቀሱ ተጠያቂ ፍለጋ ሄዶ ለካሜራ የሚመቸውን ተጠያቂ አመጣ። ሥርዓቱን በአንድ ሰው ማዕድ ተካው፤ ሰውዬው ሲወርድ ጉዳዩ ያለቀ መሰለ።

እና አዲሱ ዋና ሐሳቤ፦ «መቀሱ ዙፋኑን አልገለበጠም፤ ቀድሞ ለተገለበጠው ዙፋን ማንም እንዳያለቅስለት አደረገ። ያን ሲያደርግ ግን ወሎ ለምን እንደተራበች ደበቀ።»

ማስረጃዬ ቮልስዋገኗ ስታልፍ ሕዝቡ «ሌባ! ሌባ!» ማለቱ ነው።

መምህር ከወልድያ

ይሄኛው ይቆማል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ማስረጃው ላይ ግን ልያዝሽ። ሰውየው በረሃብ ምክንያት ቢሰደቡ «ሌባ» ይባላሉ? ክረምቱን ሙሉ ደርግ ስለ ውጭ አገር ባንክ ገንዘብ ሲያስወራ ከርሟል። «ሌባ» የባንኩ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ ወይ የሁለቱም። ያን ጧት መንገድ ላይ የወጣው ሰው ማታ ፊልሙን አይቶ ይሁን ሳያይ በምን እናውቃለን? ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ስንት ነው?

መቀስና ሙጫ

መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ቢሆንም አንዱ ቤት ሰፈር ሙሉ ነበር የሚያይበት፤ በመስኮት ሁሉ። ወሬውም ሌሊቱን ያድራል። «ሌባ» ያለውም የሰው ድግስ ያየ ሰው ነው፤ የባንክ ደብተር ማንም አላየም። ምስል ያየ ሰው ነው የሚጮኸው።

መምህር ከወልድያ

ሊሆን ይችላል ጋሼ። «ሊሆን ይችላል» ብላ ትናገረው ታዲያ፤ የእኔ ነገር እሱ ብቻ ነው። የቆቦ በርን የ77 ሐሳብ በተመለከተ ደግሞ፣ እውነት ነው፤ ግን መደምደሚያ ላይ አዲስ ክስ አይከፈትም። ለእሱ ሌላ ቪዲዮ ያስፈልገዋል።

ቆቦ በር

እኔ በበኩሌ ካላስገባሽው ፍርደ ገምድል ነው የምለው። የንጉሡን መቀስ ቆጥረሽ የደርግን ድግስ ማለፍ።

ጦሳ ሥር

የንጉሡ መቀስ አይደለም እኮ፣ የደርግ ነው መቀሱ! ግን ገባኝ ያልከው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላስገባ ወይ ልተወው አልወሰንኩም።

መክፈቻውን ቀይሬዋለሁ። አይጠየፍ ወጣ። አሁን እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። ድምፅ፦ «አሁን የምነግራችሁን ፊልም አላየሁትም። ወሎም አላየውም።» ከዚያ አሥር ሰከንድ የዲምብልቢ ፊልም፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ከኋላ። ቀኑ ከሥር በጽሑፍ።

የቀረኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የሚሞቱ ሰዎችን ፊት ላሳይ? ስለ ምስሉ እያወራሁ ምስሉን ካላሳየሁ ቪዲዮው ይከሳል። ባሳይ ደግሞ እነዚያ ሰዎች የማን አያት እንደሆኑ አላውቅም።

መቀስና ሙጫ

አሳዪ። ፊቱ ካልታየ ተመልካቹ መቀሱ ምን እንዳደረገ አይገባውም። አንዴ፣ አጭር፣ ያለ ሙዚቃ። ሙዚቃ ካስገባሽ በኔ በኩል ተጣልተናል።

የባቲ ሰኞ

እኔ አታሳዪ እላለሁ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። አዲስ አበባ ስማር ከየት ነሽ ሲሉኝ ወሎ ስል የሚመጣው ቀልድ ከእነዚያ ፊቶች ነው የመጣው። አያቴን ልጠይቃት ብዬ ዛሬ ማታ የመምህሩንና የእናንተን አነበብኩላት። ስለ ንጉሡ ውሻ ስነግራት «ውሻው ምን አደረገ?» አለች።

ጦሳ ሥር፣ ድምፄን ትቅዳ፣ ፊቴን ግን አታንሣ ብላለች። መጀመሪያ የማወራው ስለ በሬው ነው፣ ካቋረጠችኝ አላወራም ትላለች። ሰኞ ነይ፤ ገበያው ስለሚጮህ ግን ማይክሽን አስቢበት።

ሐይቅ ማዶ

ተመስገን። አንድ ሰው ስለ ማይክ አነሣ። የደረት ማይክ አለኝ፣ አውሰሻለሁ፤ የንፋስ መከላከያ ጸጉሯን ግን ድመት በልታዋለች።